የፎቅን ቁመት ከጥላው ማወቅ፦ በደብረ ብርሃን ለሚለኩ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአንድ ምሳሌ ላይ ተመሥርተዋል። ምሳሌው በደብረ ብርሃን ከተማ ሜዳማ ስፍራ ላይ የቆመ፣ አንድ ግድግዳው በትክክል ወደ ሰሜን የሚያይ ጂ+5 ሕንፃ ነው። ጥላው ኅዳር 15 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይለካል። ሕንፃው ለማስረዳት ያህል የታሰበ ቢሆንም የጥላዎቹ ርዝመት በዚያ ቀንና ሰዓት በከተማዋ ላይ ፀሐይ ከምትቆምበት ቦታ የተሰላ ስለሆነ፣ በዚያው ሰሞን ሰማዩ ጠርቶ የሚለካ ሰው ከእነዚህ ጋር የሚቀራረቡ ቁጥሮችን ያገኛል።

ጥላን በመለካት ብቻ የሕንፃን ቁመት ማወቅ የሚቻለው ለምንድን ነው?

ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ በቆሙ ሁለት ነገሮች ላይ የሚያርፉት ጨረሮቿ ትይዩ ናቸው ብሎ መውሰድ ለእንዲህ ያለው ልኬት ምንም ጉድለት አያመጣም። ቀጥ ብሎ የቆመ ሕንፃ፣ መሬት ላይ የተዘረጋው ጥላውና ከሕንፃው አናት ተነሥቶ እስከ ጥላው ጫፍ የሚወርደው ጨረር አንድ ላይ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። አጠገቡ የተተከለ ዘንግም በራሱ ልክ እንደዚያው ያለ ትንሽ ጎነ ሦስት ይሠራል። ሁለቱም ከመሬት ጋር 90 ዲግሪ ስለሚሠሩና ጨረሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ዘዌ ስለሚመታቸው ምስስል ጎነ ሦስቶች ናቸው። ስለዚህ የዘንጉ ቁመት ለዘንጉ ጥላ ያለው ንጥጥር፣ የሕንፃው ቁመት ለሕንፃው ጥላ ካለው ንጥጥር ጋር እኩል ይሆናል፦

የሕንፃው ቁመት = የዘንጉ ቁመት × የሕንፃው ጥላ ÷ የዘንጉ ጥላ

በመንገድ መብራት የሚሠራ ጥላ ለዚህ አያገለግልም፤ አምፖሉ ቅርብ ስለሆነ ጨረሮቹ ትይዩ አይደሉምና።

ምን ምን ያስፈልጋል? ልኬቱስ እንዴት ይከናወናል?

ቀጥ ያለ የ2 ሜትር ዘንግ፣ ቢያንስ 30 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ሲባጎና ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱንቢ ይበቃሉ። ዘንጉ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ሊሆን ይችላል፤ ጫፉ ግን በመጋዝ ጠፍጣፋ ተደርጎ ቢቆረጥ የጥላውን መጨረሻ ለማየት ይቀላል። ቁመቱ የሚለካው ከተተከለ በኋላ፣ ከመሬት በላይ ያለው ብቻ ነው።

ዘንጉ ከሕንፃው ጥላ ውጭ፣ በዚያው ሜዳ ላይ ይቆማል። ቱንቢው ከሁለት አቅጣጫ ተንጠልጥሎ ቀጥ ማለቱ ይረጋገጣል። ከዚያም አንድ ሰው የሕንፃው ጥላ ጫፍ ላይ፣ ሌላው የዘንጉ ጥላ ጫፍ ላይ ቆመው፣ ሦስተኛው ሰው «አሁን» ሲል ሁለቱም በአንድ ጊዜ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ሜትሩ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ በእርጋታ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከተያዘ ፀሐይ ብትጓዝም ጉዳት የለውም። ምልክቱ በአንድ ጊዜ ካልተያዘ ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ፀሐይ ወደ አናት በምትወጣበት በዚያ የጠዋት ሰዓት የዚህ ሕንፃ ጥላ በየደቂቃው ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል።

በምሳሌያችን የዘንጉ ጥላ 1.91 ሜትር፣ የሕንፃው ጥላ ደግሞ 20.63 ሜትር ሆነ። 2 በ20.63 ሲባዛ 41.26 ነው፤ ይህ ለ1.91 ሲካፈል 21.60 ሜትር ይሰጣል። ውጤቱ ከእውነት የራቀ አለመሆኑን በሌላ መንገድ ማየት ይቻላል። ስድስት ወለሎች እያንዳንዳቸው 3.30 ሜትር ከሆኑ 19.80 ሜትር ይሆናሉ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራው መሠረት 60 ሳንቲ ሜትር፣ በጣሪያው ዙሪያ ያለው ፓራፔት 1.20 ሜትር ቢጨመሩበት 21.60 ይሞላል። ወለል ቆጥሮ መገመት ብቻውን ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን በጥላ የተገኘው ቁጥር 15 ወይም 28 ሜትር ቢሆን ኖሮ ስሕተት መኖሩን ወዲያውኑ ይናገር ነበር።

የሕንፃው ጥላ የሚለካው ከየት ጀምሮ ነው?

ይህ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ዘንግ ቀጭን ስለሆነ የጥላው መነሻ አያጠያይቅም። ሕንፃ ግን ስፋት አለው፤ ጥላውም እንደ ግድግዳው ሳይሆን እንደ ፀሐይዋ አቅጣጫ ይወድቃል። ኅዳር 15 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለሆነች ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ አግድም ይዘረጋል፤ ወደ ሰሜን ከሚያየው ግድግዳ በቀጥታ አይወጣም። እንደ ልማድ ሜትሩን ከግድግዳው በ90 ዲግሪ አውጥቶ እስከ ጥላው ጠርዝ የሚለካ ሰው 20.63 ሳይሆን 14.28 ሜትር ያህል ያገኛል። ይህን ከዘንጉ ሙሉ ጥላ ጋር ሲያሰላው ሕንፃው 14.95 ሜትር ይሆንበታል፤ ሁለት ፎቅ ጠፋ ማለት ነው።

መፍትሔው የሕንፃውን ማዕዘን መያዝ ነው። የሕንፃው ቋሚ ማዕዘን ራሱ እንደ ትልቅ ዘንግ ነው፤ ጥላው ከእግሩ ተነሥቶ በቀጥታ መስመር ይሄድና የጣሪያው ማዕዘን ጥላ ባረፈበት ነጥብ ላይ ያበቃል። በዚያ ነጥብ ላይ የጥላው ጠርዝ ታጥፎ ሹል ስለሚሠራ በዓይን ለመለየት አያስቸግርም። ሜትሩ ከዚያ ሹል ነጥብ እስከዚያው ማዕዘን እግር ድረስ ይዘረጋል። የሚለካው የትኛው ማዕዘን እንደሆነ እርግጠኛ ለመሆን፣ የመስመሩ አቅጣጫ ከዘንጉ ጥላ አቅጣጫ ጋር ትይዩ መሆኑን ማየት ይበቃል። ሁለቱ ትይዩ ካልሆኑ የተያዘው ሌላ ማዕዘን ነው።

ማዕዘኑ በአጥር፣ በቆመ መኪና ወይም በሱቅ ምክንያት የማይደረስበት ሲሆን ከግድግዳው በ90 ዲግሪ መለካትም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ዘንጉም በዚያው ሕግ መለካት አለበት። በዘንጉ እግር ላይ ከግድግዳው ጋር ትይዩ የሆነ ሲባጎ ይወጠርና፣ ከዘንጉ ጥላ ጫፍ እስከ ሲባጎው ያለው አጭሩ ርቀት ይለካል። በምሳሌያችን ይህ 1.32 ሜትር ነው። 14.28 በ2 ተባዝቶ ለ1.32 ሲካፈል 21.64 ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ውጤት ጋር ያለው ልዩነት 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱም ጥላዎች በአንድ አቅጣጫ እስከተለኩ ድረስ ንጥጥሩ አይዛባም።

ሌላው ጥንቃቄ ጥላውን የሚጥለው የትኛው የሕንፃው ክፍል እንደሆነ ማወቅ ነው። በጣሪያው መካከል የተቀመጠ የውሃ ታንከር ወይም የደረጃ ቤት ጥላ ከፓራፔቱ ጥላ አልፎ ሊወጣ ይችላል። የታንከሩ አናት ከግድግዳው በላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስላለ፣ የእርሱን ጥላ ከግድግዳው ጀምሮ መለካት ቁመቱን ያሳንሰዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ታሌስ የግብፅን ፒራሚድ በጥላው ለካ ተብሎ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ነገር ነው። የታላቁ ፒራሚድ መሠረት በአንድ ጎኑ 230 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጥላው ከጎኑ መካከል በቀጥታ በሚወጣበት ሰዓት እንኳ ከፒራሚዱ ውጭ በሚታየው ጥላ ላይ የመሠረቱ ግማሽ፣ ማለትም 115 ሜትር፣ ካልተጨመረ ስሌቱ ከንቱ ነው።

ግቢው ታጥሮ ወደ ሕንፃው እግር መድረስ ባይቻልስ?

የጥላው ጫፍ ከአጥሩ ውጭ የሚያርፍ ከሆነ ወደ ሕንፃው እግር መድረስ ጨርሶ አያስፈልግም። ዘዴው ጥላውን ሳይሆን የጥላውን ጉዞ መለካት ነው። በ4 ሰዓት ላይ የሕንፃው ጥላ ሹል ነጥብና የዘንጉ ጥላ ጫፍ በአንድ ጊዜ ምልክት ይደረግባቸዋል። ዘንጉ ሳይነካ ቆይቶ 5 ሰዓት ከ40 ላይ እነዚያው ሁለት ጫፎች የደረሱበት ቦታ እንደገና ምልክት ይደረጋል። የሕንፃው ጥላ ጫፍ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሁለተኛው በቀጥታ የተጓዘው 12.10 ሜትር፣ የዘንጉ ደግሞ 1.12 ሜትር ሆነ እንበል። 2 በ12.10 ተባዝቶ ለ1.12 ሲካፈል 21.61 ሜትር ይሆናል።

ይህ የሚሠራው ሁለቱም የጥላ ጫፎች በአንድ ዓይነት አቅጣጫ፣ እንደየቁመታቸው መጠን ስለሚጓዙ ነው። የታንከር ወይም የጉልላት ጥላም በዚህ መንገድ ያለ ችግር ይለካል፤ ከአናቱ ሥር ያለው ነጥብ የት እንደሆነ ማወቅ ስለማያስፈልግ። ሁለት ነገሮች ግን ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛው፣ በሁለቱም ጊዜያት ጥላውን የሚጥለው ያው አንድ ነጥብ መሆን አለበት፤ ፀሐይዋ ስትዞር የሕንፃው ሌላ ማዕዘን ጥላ ወደፊት ሊወጣ ይችላልና። ሁለተኛው፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ጊዜ ማጠር የለበትም። ከ4 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከ40 ብቻ ቢጠበቅ የዘንጉ ጥላ የሚጓዘው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ላይ የተሠራች የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት በሕንፃው ቁመት ላይ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆና ትታያለች።

የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ነው፤ ጠርዙን የቱ ጋ ልያዝ?

ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ሆና ስለምትታይ የማንኛውም ጥላ ጠርዝ ከጨለማ ወደ ብርሃን ቀስ እያለ ይሸጋገራል። በምሳሌያችን ይህ ደብዛዛ ክፍል በሕንፃው ጥላ ጫፍ ላይ 38 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በዘንጉ ላይ ደግሞ 3.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የሁለቱ ንጥጥር ከሁለቱ ቁመቶች ንጥጥር ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ ሙሉ ጨለማው የሚያበቃበት ቦታ ቢያዝም፣ ደብዛዛው ክፍል መካከል ቢያዝም፣ በሁለቱም ጥላዎች ላይ ያው አንድ ዓይነት ቦታ እስከተያዘ ድረስ መልሱ አይለወጥም። ስሕተት የሚፈጠረው የሕንፃው ጨለማ ያበቃበት ከዘንጉ ደብዛዛ ጫፍ ጋር ሲጣመር ነው። በእኔ አስተያየት መካከሉን መገመት ዓይንን ስለሚያታልል፣ ሙሉ ጨለማው ያበቃበትን መያዝ ይሻላል። እዚያ ነጥብ ላይ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፎ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ልዩነቱን ያጎላዋል።

ውጤቱ ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

በጥንቃቄ ከተሠራ ስሕተቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይቆያል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት በረጅሙ ጥላ ላይ ሳይሆን በአጭሩ ላይ ነው። የሕንፃው ጥላ በ10 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ቁመቱ የሚለወጠው በ10.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የዘንጉ ጥላ በ1 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት ግን በ11 ሳንቲ ሜትር ይለወጣል። በ2 ሜትር ዘንግ ፋንታ የግማሽ ሜትር ዘንግ ቢወሰድ ያችው 1 ሳንቲ ሜትር ወደ 45 ታድጋለች።

የዘንጉ መዝመም ደግሞ ከዚህም ይብሳል። 3 ዲግሪ በዓይን ብቻ የማይለይ ዝመት ነው፤ ዘንጉ በዚያ ያህል ወደ ጥላው አቅጣጫ ቢያዘነብል ግን ጥላው ከ1.91 ወደ 2.01 ሜትር ይረዝምና ሕንፃው 20.53 ሜትር ሆኖ ይገኛል፤ ከአንድ ሜትር በላይ አነሰ ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ነፋስ ውስጥ በእጅ የተያዘ ዘንግ ይህን ያህል መወዛወዙ አይቀርም። ስለዚህ ዘንጉ ተቀብሮ ወይም በድንጋይ ተደግፎ ይቁም፤ ቱንቢውም ነፋስ እንዳያወዛውዘው ከበድ ያለ ይሁን።

መሬቱ ተዳፋት ቢሆን ምን ይደረጋል?

በአንኮበር ወይም በደብረ ሲና ሜዳ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተዳፋቱ ወጥ ከሆነ፣ ማለትም ጉብታና ስርጉድ ከሌለው፣ ቀላሉ መንገድ ዘንጉን በዚያው ተዳፋት ላይ መትከልና ሁለቱንም ጥላዎች በመሬቱ ላይ እንደተኙ መለካት ነው። ሁለቱም ጎነ ሦስቶች በእኩል ስለሚያዘነብሉ ምስስልነታቸው አይጠፋም። ዘንጉ ግን ለመሬቱ ሳይሆን ለቱንቢው መታዘዝ አለበት፤ ከተዳፋቱ ጋር 90 ዲግሪ ሆኖ የተተከለ ዘንግ ሁሉንም ያበላሻል።

መሬቱ ወጥ ካልሆነ ዘንጉ በለጥ ያለ ቦታ ላይ ይተከልና የሕንፃው ጥላ በአግድም ርቀት ይለካል። ከዚያም የጥላው ጫፍ ከሕንፃው እግር ምን ያህል ዝቅ ወይም ከፍ እንደሚል፣ ግንበኞች እንደሚያደርጉት፣ ውሃ በተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይታወቃል። ጫፉ 80 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተገኘ በስሌት ከመጣው ቁመት ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ይጨመራል።

በየትኛው ሰዓትና ወቅት መለካት ይመረጣል?

የጥላው ርዝመት ከነገሩ ቁመት ጋር በሚቀራረብበት ሰዓት፣ ይኸውም ፀሐይዋ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን ነው። በበጋ ወራት ይህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ባለው ጊዜ ይገኛል። ወደ ማታ ጥላው ይረዝማል፤ ረጅም ጥላም ለመለካት ቢያጓጓ ደብዛዛው ክፍል ይሰፋል። ፀሐይዋ 20 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትደርስ የዚህ ሕንፃ ጥላ ጠርዝ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይደበዝዛል።

እኩለ ቀን ደግሞ በወቅቱ ይወሰናል። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ትቆማለች፤ የሚለካ ጥላም አይኖርም። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፣ በቀሪው ዓመት ወደ ሰሜን ይወድቃል። ታኅሣሥ 12 ገደማ የቀትር ጥላ ከዓመቱ ሁሉ ረጅም ሲሆን እርሱም የነገሩን ቁመት ሁለት ሦስተኛ ያህላል። የቀትር ልኬት አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ በበጋ የጥላው ርዝመት በዚያ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃዎች ብዙም ስለማይለወጥ ብቻውን ለሚለካ ሰው ያመቻል። እውነተኛው ቀትር ግን 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ6 ደቂቃ እስከ 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል።

በዘንግ ምትክ የራሴን ጥላ ብጠቀምስ?

ጥላን በጫማ ቆጥሮ ሰዓት ማወቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ስለሆነ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ለግምት ይበቃል። ነገር ግን የራስ ቅል ክብ ስለሆነ የጥላው ጫፍ ከዘንግ ጫፍ ይልቅ ይደበዝዛል፤ ሰውም ጥላውን ለማየት ጎንበስ ማለቱ ስለማይቀር ሌላ ሰው ምልክት ሊያደርግለት ይገባል።

ጥላው መሬት ላይ ሳያበቃ ፊት ለፊት ያለ ግድግዳ ላይ ቢወጣስ?

በዚህ ጊዜ ሕንፃው በሁለት ይከፈላል፦ ጥላው ግድግዳው ላይ ከደረሰበት ከፍታ በታች ያለውና በላይ ያለው። በጥላው አቅጣጫ ከማዕዘኑ እግር እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ድረስ ያለው ርቀት 15 ሜትር ከሆነ፣ 15 በ2 ተባዝቶ ለ1.91 ሲካፈል 15.71 ሜትር ይገኛል፤ ይህ ከዚያ ከፍታ በላይ ያለው የሕንፃው ክፍል ነው። ጥላው ግድግዳው ላይ 5.89 ሜትር ወጥቶ ከሆነ ይኸው ይጨመርና 21.60 ይሆናል። የግድግዳውን ከፍታ ለመለካት ከላይኛው ፎቅ መስኮት ክብደት የታሰረበት ሲባጎ ወደ መሬት ማውረድ፣ የጥላው ጠርዝ ሲባጎውን የነካበትን ቦታ ቋጠሮ ማድረግ፣ ሲባጎውንም ከሳቡ በኋላ ከቋጠሮው እስከ ታችኛው ጫፍ መለካት ይበቃል። ቋጠሮው ግን ከዘንጉ ጥላ ምልክት ጋር በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት፤ ይህም በመስኮቱ ላይ ካለው ሰው ሌላ ሁለት ሰው ይፈልጋል።